የነጠላው ነጭ እና የልጅቷ ፊት

እንደምን አመሻችሁ፣ የሙያ ጓደኞቼ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ሁለት ፎቶ ይዘው መጡ። አንደኛው በበዓል ማታ ሳሎናቸው ውስጥ የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ ነው። ሁለተኛውን ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው በስልክ ልካላቸዋለች። «እሷንም ከመሃላችን አስገባልኝ» አሉኝ። እዚህ ካለነው መካከል ይህ ትእዛዝ ያልደረሰው ያለ አይመስለኝም። ቆርጬ አስገባሁ፣ ጠርዙን አለሰለስኩ፣ ጥላ ሠራሁ። እናትየው ትክ ብለው አዩና «ልጄ አሟታል እንዴ?» አሉ።

አላመማትም። ልጅቷ የተነሳችው ደመናማ ቀን፣ መስኮት አጠገብ ነው። ሳሎኑ የበራው በቢጫ አምፖል ነው። የአምፖሉ ብርሃን 2700 ኬልቪን ገደማ ነው፤ የደመናው 6500 አካባቢ። ሁለቱም ካሜራዎች በየራሳቸው ልክ ትንሽ አርመውታል፣ ግን ልዩነቱ ቀርቷል። በሞቀ ብርሃን በተከበቡ ሰዎች መሃል ቀዝቃዛ ፊት ሲቀመጥ አመድ የነፋበት ይመስላል።

ደንግጬ ሌላ ስህተት ሠራሁ። የልጅቷን ጉንጭ ከእናቷ ጉንጭ ጋር አመሳሰልኩ። ቁጥሩ ገጠመ፣ ደስ አለኝ። እናትየው ግን «አሁን ደግሞ የጎረቤት ልጅ አስመሰልካት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ጠይም ናቸው፣ ልጅቷ ቀይ ዳማ ናት። እኔ ብርሃኑን ሳይሆን ልጅቷን ቀየርኳት።

ዛሬ የማወራው ስለዚህች ልዩነት ነው። ፎቶ ላይ የምናየው የፊት ቀለም ሁለት ነገር ተደባልቆ ነው፤ የቆዳው የራሱ ቀለም እና ያረፈበት ብርሃን። እኛ መቀየር ያለብን ብርሃኑን ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ ሁለቱም ፎቶ ውስጥ ያለ፣ የራሱ ቀለም የሌለው ነገር ያስፈልጋል። የሌላ ሰው ጉንጭ ለዚህ አይሆንም።

እኔን ያዳነኝ ነጠላ ነው። እናትየውም ልጅቷም ነጠላ ለብሰው ነበር። ጥለቱን ትቼ ነጩን ብቻ ለካሁ። የቀለም መልቀሚያውን 11 በ 11 ፒክስል አማካይ ላይ አደረግኩት፤ አንድ ፒክስል ብቻ ከለካችሁ የክሩን ጥላ ልትለኩ ትችላላችሁ። ወደ ብርሃኑ የዞረ እጥፋት መረጥኩ፤ ግን 255 የደረሰ፣ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ቦታ ላይ አይደለም።

የእናትየው ነጠላ ቀይ 236፣ አረንጓዴ 214፣ ሰማያዊ 178 አነበበ። የልጅቷ 214፣ 222፣ 233። እስቲ አስቡት፤ ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ግን በሰማያዊ ብቻ 55 ይለያያሉ። ከዚያ ለጨለማው ጫፍ የሁለቱንም ጥቁር ፀጉር ለካሁ። የእናትየው 34፣ 26፣ 20፤ የልጅቷ 22፣ 25፣ 31 ሆነ።

አሁን ሥራው ቀላል ነው። በፎቶሾፕ፣ በልጅቷ ሌየር ላይ የከርቭስ ሌየር ጨምሩ፤ Ctrl+Alt+G ብላችሁ እሷ ላይ ብቻ እንዲሠራ እሰሩት። ከዚያ ሦስቱን ቻናል አንድ በአንድ ክፈቱ። በየቻናሉ ሁለት ነጥብ ይበቃል። በቀይ 22 ወደ 34፣ 214 ወደ 236። በአረንጓዴ 25 ወደ 26፣ 222 ወደ 214። በሰማያዊ 31 ወደ 20፣ 233 ወደ 178። ጉንጩን አልነካችሁትም፤ እሱ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ራሱ ይሄዳል። የልጅቷ ጉንጭ መጀመሪያ 142፣ 104፣ 84 ነበር። ከከርቩ በኋላ በግምት 160፣ 101፣ 61 ላይ አረፈ። ከእናቷ አሁንም ቀላች። እንደዚያም መሆን አለባት።

በአንድ የሙቀት ስላይደር ለምን አይሠራም ትሉኝ ይሆናል። ቁጥሮቹን እዩ። ሰማያዊው ፀጉሩ ላይ 11 ብቻ ወረደ፣ ነጠላው ላይ 55 ወረደ። ቀዩ ደግሞ ከሰማያዊው ተለይቶ የራሱን መንገድ ሄደ። ስላይደሩ ይህን ሁሉ በአንድ እጅ ይጎትታል። ከርቭ ለጨለማው ሌላ፣ ለብርሃኑ ሌላ ልክ ይሰጣችኋል።

አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙዎቻችን እዚህ ጋ እንወድቃለን። ሰማያዊውን 233 ላይ ወደ 178 አወረዳችሁት፤ የከርቩ ቀኝ ጫፍ ግን 255 ላይ እንደተቸነከረ ነው። ስለዚህ ከነጠላው የደመቀ ነገር ሁሉ ተመልሶ ወደ ሰማያዊ ይወጣል። ፊት ላይ ከነጠላ የሚደምቀው ምንድን ነው? የግንባር ወዝ። የአፍንጫ ጫፍ። በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ይህ ወዝ ጎልቶ ይታያል፣ ቆዳው ጠቆር ባለ ቁጥር ይብሳል። ወዙ የቆዳውን ቀለም አይይዝም፤ የመብራቱን ቀለም እንዳለ ነው የሚመልሰው። እናም ጉንጩ አምፖል፣ ግንባሩ መስኮት ይሆናል። ተመልካቹ ምክንያቱን አያውቅም፣ ግን «ይሄ ነገር ተለጥፏል» ይላል። መፍትሔው የሰማያዊውን ቀኝ ጫፍ ራሱን ይዞ ወደ 195 ገደማ ማውረድ ነው። ያኔ መስመሩ ሳይሰበር ይቀጥላል።

ዓይናችሁን አትመኑት፤ በተለይ ማታ፣ ቢሮ ውስጥ ነጭ መብራት እየበራ። እኔ Ctrl+3፣ Ctrl+4፣ Ctrl+5 እያልኩ እያንዳንዱን ቻናል ለብቻው በጥቁርና ነጭ አያለሁ። እዚያ ቀለም የለም፣ ብሩህና ጨለማ ብቻ ነው። ከእርማቱ በፊት በሰማያዊው ቻናል የቤተሰቡ ፊት ሁሉ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ የልጅቷ ፊት ብቻ ፈዛዛ ግራጫ ሆኖ ከመሃል ያበራ ነበር። ለካ እናትየው «በሽታ» ያሉት ይሄንኑ ኖሯል። Ctrl+2 ወደ ቀለሙ ይመልሳችኋል።

ነጠላም ግን ሁሌ አይታመንም። አዲስ የታጠበ ነጭ ልብስ ላይ ሳሙናው የሚያስቀር ማንጫ አለ፤ በቀን ብርሃን ሰማያዊ ያንጸባርቃል፣ በአምፖል ግን ያን ያህል አያደርገውም። ነጠላው እንዲህ ከሆነ ከርቩ ፊቱን ከልክ በላይ ያሞቀዋል። ስለዚህ የዓይንን ነጭና ጥርስን አብራችሁ እዩ። እነሱም ንጹህ ነጭ አይደሉም፣ ግን ነጠላው ሲዋሽ ያጋልጡታል።

አቅጣጫውም ለውጥ ያመጣል። የእኔ ሥራ ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት ስለነበር ዋናው ነገር ሰማያዊውን መቀነስ ነበር። ተቃራኒው ከባድ ነው። በአምፖል የተነሳ ፊት ሰማያዊው ቻናል ባዶ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ከፍ ስታደርጉት የሚመጣው ቆዳ ሳይሆን ሽፍታ የመሰለ ኖይዝ ነው። ቀዩ ጉንጩ ላይ 255 ከደረሰ ደግሞ የሚጎተት ነገር የለም፤ ዝርዝሩ ጠፍቷል።

ከርቭ የብርሃንን አቅጣጫም አይቀይርም። የልጅቷ መስኮት በግራ ነበር፣ የሳሎኑ አምፖል ከላይ። ቀለሙ ከገጠመ በኋላ እናትየው «አሁን እሷ ናት» አሉኝ፤ እኔ ግን የአፍንጫዋ ጥላ ወደ ቀኝ እንደወደቀ ዛሬም ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣ ውጭ ላለው ሰው መጀመሪያ እደውላለሁ። «ማታ፣ አምፖሉ ከራስህ በላይ ሆኖ፣ ነጠላህን ትከሻህ ላይ ጣል አድርገህ ተነሳና ላክልኝ» እለዋለሁ።