የምድር ውስጥ ታንከር ያፈሳል? በሚሊሜትር እንለካው

[ምስል፦ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ፣ ዙሪያው ገና አፈር ያልተመለሰበት የኮንክሪት ታንከር]

ይህ ታንከር 4 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ወርድ አለው። ሲሞላ የውሃው ጥልቀት 2.5 ሜትር ይሆናል። ፍተሻውን ዙሪያው በአፈር ሳይሞላ እንጀምር። አፈር ከለበሰ በኋላ የረጠበ ግድግዳ ማየት አይቻልም። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ከተጠራቀመም በፓምፕ አውጡት፤ የውጭው ውሃ መልሶ ስለሚገፋ ማፍሰሱን ይደብቃል።

[ምስል፦ የተደፈኑ የቧንቧ ጫፎች]

ቧንቧዎቹን በሙሉ ጫፋቸው ላይ ድፈኑ። ቫልቭ መዝጋት ብቻውን አይበቃም። ቫልቩ ትንሽ ካሳለፈ ጥፋቱ በኮንክሪቱ ይላከካል።

አሁን ውሃ ሙሉ፣ ግን ቀስ ብላችሁ። በ24 ሰዓት ከ2 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። ከሞላ በኋላ 7 ቀን ተዉት፤ አዲስ ኮንክሪት ውሃ ይጠጣል። ዲዛይኑ እስከ 0.2 ሚሊሜትር ስንጥቅ የሚፈቅድ ከሆነ ግን 21 ቀን ያስፈልጋል።

[ምስል፦ ማንሆል ጠርዝ ላይ በቀለም የተደረገ ምልክት፣ ወደ ውሃው የወረደ የብረት ማስመሪያ]

ከዚያ ልኬቱ ይጀምራል። ማንሆሉ ጠርዝ ላይ አንድ ቋሚ ምልክት አድርጉ። ከምልክቱ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት ለ7 ቀን፣ በየ24 ሰዓቱ መዝግቡ። ውሃ የያዘ ሳፋም ታንከሩ ውስጥ አንሳፉ። ሳፋው አያፈስም፤ ስለዚህ ከእሱ የጎደለው የተነነው ነው።

መስፈርቱ እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ በነበረው የብሪታንያ የውሃ መያዣ ኮንክሪት ደረጃ፣ ቢኤስ 8007፣ የተቀመጠው ነው። ትነት ከተቀነሰ በኋላ በ7 ቀን የወረደው ውሃ ከጥልቀቱ 1/500 ወይም ከ10 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከሁለቱ የሚያንሰው ይያዛል። የእኛ 2500 ሚሊሜትር ለ500 ሲካፈል 5 ሚሊሜትር ይመጣል። ገደባችን 5 ነው ማለት ነው።

[ምስል፦ የመዝገቡ ሰንጠረዥ]

ታንከሩ 11 ሚሊሜትር ወረደ፣ ሳፋው 2 ሚሊሜትር ጎደለ እንበል። ልዩነቱ 9 ሚሊሜትር ነው። የወለሉ ስፋት 12 ካሬ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ሚሊሜትር 12 ሊትር ነው። በሳምንት 108 ሊትር ጠፋ ማለት ነው። ወደቀ!

ግን ቶሎ መዶሻ አታንሱ። የየቀኑን ቁጥር እዩ። 3፣ 2፣ 2፣ 1፣ 1፣ 0፣ 0 እያለ ከወረደ ኮንክሪቱ ገና እየጠጣ ሊሆን ይችላል። ሌላ 7 ቀን ይጨመርለታል፤ ያኔ ገደቡን ካላለፈ ተቀባይነት ያገኛል። በየቀኑ እኩል መውረዱን ከቀጠለ ግን የሆነ ቦታ ያፈሳል።

[ምስል፦ ቧንቧ ግድግዳውን የሚያልፍበት ቦታ፣ ዙሪያው እርጥብ]

መጀመሪያ ከውጭ ሁለት ቦታ እዩ፦ ቧንቧ ግድግዳ የሚያልፍበትንና ወለሉ ከግድግዳው የሚጋጠምበትን። ካልታየ ውሃው በራሱ እስኪቆም ጠብቁ። የሚያፈሰው ብዙውን ጊዜ ውሃው በቆመበት ከፍታ አካባቢ ነው። እዚያ ጠግኑና እንደገና ሞልታችሁ፣ የ7 ቀኑን ልኬት ከአንደኛው ቀን ጀምሩ።