ርካሽ የሰዓት ባትሪ ማሽኑን እንዴት ይበላዋል?

[ምስል፦ ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች ጎን ለጎን]

እነዚህን ሁለት ባትሪዎች በመጠን መለየት አይቻልም። የሁለቱም ስፋት 6.8 ሚሊሜትር ነው፤ ውፍረታቸው ደግሞ 2.6። ጽሑፋቸውን ስታዩ ግን አንዱ SR626SW ይላል፣ ሌላው LR626 ወይም AG4። ሁለቱም ሰዓቱ ውስጥ ልክክ ብለው ይገባሉ። በሁለቱም ሰዓቱ ይነሳል። ለዚህ ነው ብዙ ቦታ ርካሹ ገብቶ፣ የሰከንዷ ቆጣሪ ስትንቀሳቀስ ሥራው እንዳለቀ የሚቆጠረው።

ልዩነቱ ያለው ውስጣቸው ነው። SR የሚለው ሲልቨር ኦክሳይድ ነው። 1.55 ቮልት ገደማ ይሰጣል፣ እስከሚያልቅም ድረስ ብዙም አይወርድም። LR የሚለው አልካላይን ነው። 1.5 ላይ ይጀምርና ጥቂት በጥቂት እየወረደ ይሄዳል። ለመጫወቻ ወይም ለካልኩሌተር ምንም አይልም። ለእጅ ሰዓት ግን አልመክረውም።

[ምስል፦ ክዳኑ የተከፈተ ሰዓት]

ሚዮታ 2035 የሚባለውን ማሽን እንውሰድ። የሲቲዝን ቤተሰብ ነው፤ ዋጋቸው መካከለኛና ዝቅተኛ በሆነ በጣም ብዙ ሰዓቶች ውስጥ ታገኙታላችሁ። የሚፈልገው ባትሪ SR626SW ነው፤ በእሱም ሦስት ዓመት ያህል ይሠራል። አልካላይን ከገባበት ቀድሞ ይቆማል። ባለቤቱም ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል፣ «አንድ ቀን አሠራዋለሁ» ብሎ።

አደገኛው ጊዜ ይሄ ነው። ሰዓቱ ቢቆምም ባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካል አላረፈም። ዚንኩ ከፈሳሹ ጋር እየተዋሃደ ሃይድሮጅን ጋዝ ይፈጥራል፣ ግፊቱም ይጨምራል። የባትሪውን ሁለት ብረቶች የሚለያያቸውና የሚያሽጋቸው አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ቀለበት ብቻ ነው። ፈሳሹ በእሱ ሥር ሾልኮ ይወጣል፤ በተለይ በኔጋቲቩ በኩል። ይህ ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ የሚያቃጥል ኃይለኛ ነገር ነው። አየር ሲያገኘው ነጭ ጨው መሰል ቅርፊት ሆኖ ይደርቃል። መዳብ ያገኘበት ቦታ ደግሞ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይሆናል።

በመንገዱ ላይ ኮይሉ አለ። ኮይል ቆጣሪዎቹን የሚያንቀሳቅሰው የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ነው፤ ሽቦው ከፀጉር ይቀጥናል። አንድ ቦታ ላይ ከተበላ ጥቅሉ በሙሉ ዋጋ የለውም። አዲስ ባትሪ ገብቶ ሰዓቱ ዝም ካለ፣ ባትሪውን አውጥታችሁ የኮይሉን ሁለት ጫፎች በቴስተር ለኩ። ጤነኛ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በሺህዎች የሚቆጠር ኦም ያሳያል። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል።

[ምስል፦ የፕላስቲክ ወረንጦ ባትሪ ሲያነሳ]

በጥንቃቄ የሚቀይር ሰው ክዳኑን ከከፈተ በኋላ መጀመሪያ ያያል። ነጭ ነገር አለ? ቁጥሩ ምን ይላል? እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ የወጣው ባትሪ ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማሽኑን ቁጥር አንብቦ ትክክለኛውን ባትሪ ከዚያ ይወስናል።

ባትሪውን የሚያነሳው በፕላስቲክ ወረንጦ ነው። የብረቱ ወረንጦ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን አገናኝቶ ባትሪውን ሾርት ያደርገዋል። ካንሸራተተም ኮይሉን ይቧጥጣል። ከመፍሰስ ይልቅ በወረንጦ ጫፍ የሞቱ ኮይሎችም አሉ፤ ባለቤቱ ግን ባትሪው መጥፎ ነበር ይባላል።

ቅርፊት ካለ አዲሱ ባትሪ ገና አይገባም። የጥጥ እንጨት ጫፉን ብቻ በኮምጣጤ እርጥብ ያደርግና የባትሪውን መንኪያ ብረቶች ይጠርጋል። ከዚያ በአልኮል ያጸዳል፣ በደንብ ያደርቃል። ኮይሉን ግን አይነካውም። አዲሱን ባትሪ ከማስገባቱ በፊት በቴስተር ይለካዋል፤ 1.55 አካባቢ መሆን አለበት። በባዶ ጣት ግራና ቀኝ ፊቱን አይጨብጠውም፤ የእጅ ላብና ቅባት መንኪያው ላይ ይቀራል።

ክዳኑን ከመዝጋቱ በፊት የጎማውን ቀለበት ያያል። ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀይረዋል፤ ደህና ከሆነ ስስ የሲሊኮን ግሪስ ይቀባዋል። ጎማው ተጣሞ ከተዘጋበት በሚቀጥለው እጅ መታጠብ ውሃ ይገባል።

ኮይሉ ተበልቶ ከሆነስ? እንደ 2035 ባለው ማሽን ሙሉ ማሽኑን መቀየር ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ርካሽ ነው፣ ይገኛልም። ምርቱ በቆመ ጥሩ አሮጌ ሰዓት ላይ ግን ኮይሉን ፍለጋ ነው የሚጀመረው።

በእርግጥ ሲልቨር ኦክሳይድም ካለቀ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከተተወ ሊያፈስ ይችላል። የማዞሪያዋን ጉልላት ጎትቶ ሰዓቱን ማቆምም የባትሪውን ዕድሜ ያራዝማል እንጂ ከመፍሰስ አያድንም። የማታስሩት ሰዓት ካለ ባትሪውን አስወጥታችሁ አስቀምጡት። የቆመ ከሆነ ደግሞ በዚሁ ሳምንት አስከፍቱት።