ዱቄት መቼ ይታዘዝ?

የተከበራችሁ የዳቦ ቤት ባለቤቶችና የመጋዘን ሠራተኞች፣

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ቁጥር ነው፤ መጋዘን ውስጥ ስንት ኩንታል ዱቄት ሲቀር አዲስ ትእዛዝ መስጠት እንዳለባችሁ።

አንድ ዳቦ ቤት በምሳሌነት እንውሰድ። በ30 ቀን ውስጥ 156 ኩንታል ዱቄት ተጠቅሟል። ብዙ ሰው ለ30 ያካፍልና በቀን 5.2 ኩንታል ይላል። ስህተቱ እዚህ ይጀምራል። በወሩ 4 ቀን ዱቄት አልቆ ምድጃው ስላልነደደ፣ የተጋገረው 26 ቀን ብቻ ነው። ትክክለኛው የቀን ፍጆታ 156 ለ26 ሲካፈል 6 ኩንታል ነው። ዱቄት ያለቀባቸውን ቀናት ከቆጠራችሁ፣ ያለፈው እጥረት የሚቀጥለውን ይወልዳል።

ቀጥሎ የማድረሻ ጊዜ ነው። መኪናው ፋብሪካውን ከለቀቀበት ሰዓት አትቁጠሩ፤ ለማዘዝ ከወሰናችሁበት ቀን ጀምሮ፣ ገንዘብ ማስገባቱንም ወረፋውንም ጨምሮ፣ ዱቄቱ መጋዘን እስኪገባ ድረስ ቁጠሩ። የዚህ ዳቦ ቤት የመጨረሻዎቹ አምስት ትእዛዞች 3፣ 4፣ 3፣ 7 እና 3 ቀን ፈጅተዋል፤ አማካዩ 4፣ ረጅሙ 7 ቀን ነው። ስለዚህ ትእዛዙ እስኪደርስ 6 በ4 ሲባዛ 24 ኩንታል ያልቃል።

በ24 ብቻ የሚያዝዝ ሰው ግን መኪናው አንድ ቀን ሲዘገይ ባዶ እጁን ይቀራል። ለዚህ ነው መጠባበቂያ የሚያስፈልገው። ከፍተኛው የቀን ፍጆታ 8 ኩንታል ከሆነ፣ 8 በ7 ሲባዛ 56 ይሆናል። ከዚህ 24 ሲቀነስ 32 ኩንታል መጠባበቂያ ይወጣል። የማዘዣው ነጥብ እንግዲህ 24 እና 32 ሲደመር 56 ኩንታል ነው።

ይህ ስሌት ገበያው የደራበትና አቅራቢው የዘገየበት ቀን እንደሚገጣጠሙ አስቦ የተሠራ ነው፤ ገንዘብ ያስራል፣ ቦታም ይይዛል። ረጅሙ 7 ቀን ከአማካዩ 4 ቀን በ3 ስለሚበልጥ፣ መዘግየቱን ብቻ ለመሸፈን 6 በ3 ሲባዛ 18 ኩንታል መጠባበቂያ ይበቃል፤ ነጥቡም 42 ይሆናል። በ42 ላይ ሆናችሁ ሁለቱም ከተገጣጠሙ ግን ዱቄቱ በስድስተኛው ቀን ያልቃል። በእኔ አስተያየት፣ በችግር ጊዜ ዱቄት የሚያበድር ጎረቤት ዳቦ ቤት ያለው 42 ይበቃዋል፤ የሌለው 56ን ይያዝ።

ከ56 ጋር የምታነጻጽሩት መጋዘን ያለውን ብቻ ሳይሆን ታዝዞ ያልደረሰውንም ጭምር ነው። መጋዘን 40 ኩንታል ኖሮ 60 በመንገድ ላይ ከሆነ በእጃችሁ 100 አለ፤ ይህን የረሳ ሁለቴ ያዝዛል። ቆጠራውም በየምሽቱ ይሁን። በሳምንት አንዴ ከቆጠራችሁ፣ ነጥቡ ሰኞ አልፎ እሑድ ልታውቁት ትችላላችሁ፤ እስከዚያ 36 ኩንታል አልቋል።

አዲስ ዱቄት በገባ ቁጥር የቀረውን አሮጌ የዱቄቱ ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ ጻፉ። ነጥባችሁ 56 ከሆነ፣ የቀረው ወደ 32 ሲጠጋ ስሌቱ ልክ ነው። በተከታታይ ከ10 በታች ከወረደ ግን ፍጆታው ጨምሯል ወይም አቅራቢው ዘግይቷል፤ የቅርቡን ቁጥር ይዛችሁ እንደገና አስሉ።