የሥራ መዘርዝር ሲደባለቅ፦ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው ምሳሌ

[በስክሪኑ ላይ፦ የቀድሞው ጽሑፍ]

እስቲ ይህን አንብቡት።

«የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፤ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ያለው፣ ዕቃ በጥንቃቄ የሚረከብ፣ ኮምፒውተር የሚችል፣ ተጠሪነቱ ለግዢና ለፋይናንስ ክፍል የሆነ፣ የሚታዘዘውን ሌላ ሥራ ሁሉ የሚያከናውን።»

ለማሳያ የጻፍነው ነው። ግን ወንድሙን በብዙ ቢሮ ፋይል ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ሦስት ጉዳይ አንድ ላይ ታጭቋል፦ ሰውየው የሚሠራው፣ ለመቀጠር ይዞት የሚመጣው፣ አለቃው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል። ይህን የማረጋግጠው መቼ ነው? ከቅጥር በፊት ከሆነ ተፈላጊ ችሎታ ነው። ሥራ ላይ ካየሁት በኋላ ከሆነ ተግባር ነው።

[ዲፕሎማውና ኮምፒውተሩ በቢጫ ይቀለማሉ]

ዲፕሎማው ተፈላጊ ችሎታ ነው። «ኮምፒውተር የሚችል» የሚለውም እዚያው ይሄዳል፤ ግን ምን የሚችል? እንዲህ እንበለው፦ «የገቢና የወጪ ዕቃ መዝገብ በኤክሴል መያዝ የሚችል፤ በተግባር ፈተና የሚረጋገጥ።» አሁን ፈታኙም ተፈታኙም ምን እንደሚጠበቅ ያውቃሉ።

[«በጥንቃቄ የሚረከብ» በአረንጓዴ]

አስቸጋሪው ይኼ ነው። ተግባር ይመስላል፤ ግን ጥንቃቄን ማን ይለካዋል? ጥንቁቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ እንጻፍ። «የመጣውን ዕቃ ከግዢ ማዘዣው ጋር ያመሳክራል። ብዛቱን ይቆጥራል። ጉድለት ካለ በጽሑፍ ያሳውቃል። የተረከበውን በገቢ ደረሰኝ ይመዘግባል።» በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደረሰኙ ሞዴል 19 ነው። አንድ ቀን ዕቃ ቢጎድል የትኛው እርምጃ እንደተዘለለ ማየት ይቻላል።

[ተጠሪነቱ በቀይ]

ሁለት አለቃ ሲኖር ችግሩ ግራ መጋባት ብቻ አይደለም። የግዢ ኃላፊው «ቀሪው ነገ ይሞላል፣ ዛሬ ፈርምልኝ» ቢለው ሠራተኛው አለቃውን እንዴት እምቢ ይላል? የገዛው ሰው በተረካቢው ላይ ሥልጣን ካለው ርክክቡ ለስሙ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አንድ መስመር ይበቃል፦ «ተጠሪነቱ ለፋይናንስ ኃላፊ።» ከግዢ ክፍል ጋር መረጃ መለዋወጡ ወደ ተግባር ይሄዳል።

እውነተኛው አለቃ ማን እንደሆነ ከጠፋችሁ፣ የዓመት ፈቃዱን ማን እንደሚፈርምና የሥራ አፈጻጸሙን ማን እንደሚሞላ ጠይቁ። ሁለት ስም ከመጣ፣ ከመጻፋችሁ በፊት አስተዳደሩ ይወስን። ይህን ወረቀት ላይ በማሳመር ማለፍ አይቻልም።

«ሌላ ሥራ ሁሉ» የሚለው ቀርቷል። ጨርሶ ማውጣት ይከብዳል፤ ያልታሰበ ሥራ መቼም አይጠፋም። ግን አጥር ይኑረው፦ «በቅርብ ኃላፊው የሚሰጡ፣ ከዕቃ ርክክብና አያያዝ ጋር የተያያዙ ሌሎች ሥራዎች።» አለዚያ ሰውየው ነገ ተላላኪም ይሆናል።

በቦታው ላይ ሠራተኛ ካለ አዲሱን ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ዝም ብሎ ማስገባት አይበቃም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሚተዳደር ድርጅት ተግባሩ በውሉ ከተጻፈው ከራቀ፣ ከሠራተኛው ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፤ ፊርማውንም ከውሉ ጋር አያይዙት።