የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የዋጋ ንረትና የደመወዝ ጭማሪ

ጥያቄ፦ ከአራት ዓመት በፊት የወር ደመወዜ 10,000 ነበር፤ አሁን 15,000 ደርሷል። በእነዚህ ዓመታት የዋጋ ንረቱ በተከታታይ 20፣ 30፣ 15 እና 10 በመቶ ነበር። ወደ ነበርኩበት ለመመለስ ስንት ጭማሪ ልጠይቅ?

መልስ፦ አራቱን ቁጥሮች ደምረው 75 በመቶ እንዳይሉ አደራ እላለሁ፤ የእያንዳንዱ ዓመት ንረት የሚሰላው ቀድሞ በናረው ዋጋ ላይ ነውና። መጀመሪያ 100 ያወጣ የነበረ ዕቃ በአንደኛው ዓመት 120 ይገባል፤ የሁለተኛው ዓመት 30 በመቶ የሚታሰበው በዚሁ 120 ላይ ስለሆነ ዋጋው 156 ይሆናል፤ በሦስተኛው ዓመት 179.40፣ በአራተኛው ደግሞ 197.34 ይደርሳል።

ስለዚህ 15,000ን ለ1.9734 ሲያካፍሉ 7,601 ገደማ ያገኛሉ። ይህም የዛሬው ደመወዝዎ በያኔው ዋጋ ሲመዘን ያለው የመግዛት አቅም ነው፤ በቁጥር በግማሽ ያደገው ደመወዝ ከአቅሙ ወደ ሩብ የሚጠጋውን አጥቷል። የቀድሞውን ኑሮ ለመግዛት 19,734 ያስፈልግዎታል፤ ጉድለቱ 4,734 ሲሆን፣ ለአሁኑ ደመወዝ ሲካፈል የሚጠይቁት ጭማሪ 31.6 በመቶ ገደማ ይሆናል። ብዙ ሠራተኞች ዋጋው ከጨመረበት 97 በመቶ ላይ ደመወዛቸው ያደገበትን 50 በመቶ ቀንሰው 47 በመቶ ይጠይቃሉ፤ ጭማሪው የሚታሰበው በ10,000 ሳይሆን በ15,000 ላይ በመሆኑ ይህ ከሚገባው በላይ ነው፤ አሠሪውም ስሌቱን በቀላሉ ውድቅ ያደርገዋል።

የገቢ ግብሩ እንደ ደመወዙ መጠን እያደገ የሚሄድ ከሆነ ግን ከግብር በፊት የተገኘው 31.6 በመቶ እጅዎ ላይ ሲደርስ ያንሳል፤ ስለዚህ ስሌቱን በተጣራው ደመወዝ ቢሠሩት የበለጠ ትክክል ይሆናል። ንረቱ የብዙ ቤተሰቦች አማካይ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ከገቢው አብዛኛውን ለምግብና ለቤት ኪራይ የሚያውል ሰው፣ እነዚህ ከሌላው ፈጥነው ከተወደዱ፣ የሚደርስበት ጫና ከአማካዩ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ አለቆቻችን «ንረቱ ከ30 ወደ 10 በመቶ ስለወረደ ጭማሪ አያስፈልግም» ይሉናል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የወረደው ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት እንጂ ዋጋው ራሱ አይደለም። ከላይ ባየነው ስሌት ንረቱ 10 በመቶ በሆነበት ዓመት እንኳ ዋጋው ከ179.40 ወደ 197.34 አድጓል፤ ባለፉት ዓመታት የታጣው አቅም ደግሞ ደመወዝ ካልተስተካከለ በራሱ አይመለስም። በድርድር ላይ ጭማሪው የሚጀምርበትን ወር በጽሑፍ እንዲያስቀምጡም እመክራለሁ፤ ክፍያው ግማሽ ዓመት ቢዘገይና ዋጋ በዚያ ጊዜ 5 በመቶ ቢጨምር፣ በቂ የነበረው 19,734 ወደ 20,721 ከፍ ማለት ይኖርበታል።