ደብዳቤው ከተሰጣት በኋላ የተናገረችው

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ያለ ቅጽ። «የሚለቁበት ምክንያት» ከሚለው ፊት በእስክርቢቶ «የተሻለ ደመወዝ» ተብሎ ተጽፏል።]

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ አለ እንበል። የስፌት ኦፕሬተሯ ሁለት ዓመት ሠርታ ልትለቅ ነው። ቤቷ ደሴ ነው። የሰው ሀብት ቢሮ ጠርቶ የስንብት ቃለ መጠይቅ ያደርግላታል።

«ለምን ለቀቅሽ?»

«ያው፣ የተሻለ ደመወዝ አግኝቼ።»

አለቀ። ሦስት ደቂቃም አልፈጀ።

ልጅቷ አልዋሸችም፤ አዲሱ ቦታ በወር 800 ብር ይጨምርላታል። ግን ዋናውን ነገር አላወራችም። እንዴት ታውራ? ክሊራንሷ ላይ ሁለት ፊርማ ይቀራል፤ አንዱ የሱፐርቫይዘሯ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋም ገና አልተጻፈም። በዚህ ሰዓት አፏን የምትከፍት ሞኝ ናት።

ስለዚህ አሠሪ መጀመሪያ የሚያስተካክለው ቅደም ተከተሉን ነው። ደብዳቤውን ስጡ፣ ከዚያ ጠይቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሥራው ምን እንደነበር፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሠራችና ደመወዟን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለክፍያ ማግኘት መብቷ ነው። ወረቀቱን መያዣ ማድረግ አይቻልም። ጠያቂውም የቅርብ አለቃዋ አይሁን።

[ምስል፦ ልጅቷ ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስታስገባ።]

ጥያቄውም ይለወጥ። «ለምን ለቀቅሽ?» ከተባለ ሰው ጨዋ የሆነ ምክንያት ይፈልጋል። ቀን ከተጠየቀ ግን ታሪክ ያወራል።

«የኔ እህት፣ ሌላ ሥራ መፈለግ የጀመርሽው መቼ ነው?»

«ጥቅምት ላይ።»

«ያን ሰሞን ምን ነበር?»

ዝም ትላለች። ዝም ስትል አትሙሉላት፤ ጠብቋት።

«ሰርቪሱ ድሮ ሰፈር ድረስ ያደርሰን ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ፒያሳ ላይ ያወርደናል። የማታ ፈረቃ ስገባ ከፒያሳ ቤት ድረስ ባጃጅ በኮንትራት 100 ብር ነው። ደግሞ እናቴ እስክገባ አትተኛም።»

እስቲ እናስላው። በወር ሁለት ሳምንት ማታ ትገባለች፤ 12 ሌሊት ማለት ነው። ለባጃጅ ብቻ 1,200 ብር። አዲሱ ሥራ የሚጨምርላት 800 ነው፤ ቦታው ደግሞ ደሴ፣ ቤቷ አጠገብ። ልጅቷን ያስወጣት ሰርቪሱ ነው። ድርጅቱ ቅጹን ብቻ አምኖ ለሁሉም 500 ብር ቢጨምር፣ ገንዘቡም ይወጣል፣ የማታ ፈረቃ ሴቶችም መውጣታቸውን አያቆሙም።

ያም ሆኖ የአንድ ሰው ቃል ማስረጃ አይሆንም፤ ፍንጭ ነው። ከጥቅምት ወዲህ የለቀቁትን ስም አውጡና ስንቶቹ ያንን ሰርቪስ ይጠቀሙ እንደነበር ቁጠሩ። ከዚያ እዚያው መስመር ላይ ሆነው ያልለቀቁትን ጠይቁ። የቀሩት ባጃጁን እንዴት ቻሉት? ምናልባት ወንድም መጥቶ ይቀበላቸዋል። ብዙ መሥሪያ ቤት ይህችን እርምጃ ይዘላታል፤ የሄደውን ብቻ የሚያዳምጥ ግማሹን ነው የሚሰማው።

ስም ስለመደበቅም አንድ ነገር። ከአንድ የስፌት ላይን በወሩ የለቀቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ስሙን ብትሰርዙም ሱፐርቫይዘሩ ያውቀዋል። የሦስት ወሩን አጠራቅማችሁ አንድ ላይ አቅርቡ። ጥቃትና ትንኮሳ ግን ሦስት ወር አይጠብቅም።

[ምስል፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ዳገት፣ ማታ፣ የመኪና መብራት።]

አሁን ወደ ለቃቂው። አልናገርም ማለት ይቻላል፤ አዋጁ ለዚህ ቃለ መጠይቅ አያስገድዳችሁም። ከተናገራችሁ ግን ሌላ ሰው ሄዶ ሊያጣራው የሚችለውን ተናገሩ። «ሱፐርቫይዘሩ ክፉ ነው» ብትሉ መዝጋቢው ምን ያድርገው? «ፈረቃ የሚቀየረው በዋዜማው ማታ ነው፣ በኅዳር ብቻ አራት ጊዜ ሆነብኝ» ካላችሁ መዝገቡ ይታያል። እንዲህ ያለ ሁለት ነገር ይበቃል። የሥራ ባልደረባችሁ በምሥጢር የነገረቻችሁን አታውጡ፤ እሷ ነገም እዚያው ነች። ትንኮሳ ወይም ያልተከፈለ ገንዘብ ካለ ደግሞ በወሬ መሃል አትጣሉት። ለብቻው በጽሑፍ አቅርቡ፣ ቅጂውንም ያዙ።

ቀሪ ክፍያችሁ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት፤ የድርጅቱን ዕቃ ባለመመለስ ራሳችሁ ካላዘገያችሁት በቀር። የሥራ ልምዱን ደግሞ ከወንበሩ ሳትነሡ አንብቡት። ኦፕሬተር የነበረችው «ረዳት» ተብላ ከወጣች፣ ለማስተካከል እንደገና ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድ ነው።