ደመወዙ ያልተቋረጠው ዘበኛ

እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ «ስለ ጌም ጽሑፍ በአጠቃላይ ተናገር» ብለውኛል። በአጠቃላይ መናገር አልችልበትም። የማወራው ስለ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነው። ተጫዋቹ ጦር ወይም ቀለበት ሲያነሳ ከሥዕሉ ሥር ብቅ ስለምትለዋ የጽሑፍ ሳጥን።

ባለፈው ዓመት እዚሁ አዳራሽ የአንዳችንን ሥራ ሌላችን ተጫውተን ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። ስንቱ ዕቃ ነበር «ከሺህ ዓመታት በፊት» ብሎ የሚጀምረው? ሽንኩርቱ ሳይቀር የዘር ሐረግ ነበረው። ዋናው ጥፋተኛ ግን እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ በራሴ ልጀምር።

የኛ ጌም አንድ የፈረሰ የከተማ በር አለው። በሩ ሥር ጦር ይገኛል። መጀመሪያ የጻፍኩት መግለጫ የንጉሡን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ከተማዋ የተከበበችበትን ምክንያትና የሦስት ጎሳዎችን ጠብ ይተርክ ነበር። ኮርቼበታለሁ። አንድ የሰፈራችን ልጅ እንዲሞክረው ሰጠሁትና ከኋላው ቆምኩ። ሳጥኗ ተከፈተች። ልጁ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ አደረገና ዘጋት። «ምን ይላል?» አልኩት። «ይወጋል ይላል» አለኝ። የመጎዳት አቅሙ የተጻፈባትን ቁጥር ብቻ ነው ያነበበው። ሦስት ሌሊት ያደርኩበትን ጽሑፍ!

ተናደድኩ። ልጁ ግን ልክ ነበር። ተጫዋቹ ዕቃውን በያዘባት ቅጽበት የሚፈልገው ስለዚያ ዕቃ ማወቅ ነው። እኔ የሰጠሁት ስለ ንጉሡ ነው። ጦሩን አላየሁትም ነበር። ስለዚህ ዕቃውን እጄ ላይ እንደያዝኩ አድርጌ እንደገና ጻፍኩት። እንዲህ ሆነ፦

«ዘንጉ መሐሉ ላይ ከመያዝ ብዛት ቀጥኗል። ጫፉ ጭረት የለውም። በሩ ከፈረሰ በኋላም የዘበኞቹ ደመወዝ አልተቋረጠም።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው በዓይን የሚታይ ነው፤ ይህን ጦር ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ ይዞታል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ይጋጫል፤ ይህን ያህል ተይዞ አንድም ሰው አልወጋም። ሦስተኛው ደግሞ የሆነ ሰው የወሰነውን ውሳኔ ይነግራል፣ ለምን እንደወሰነ ግን አይነግርም። በሌለ በር ላይ ዘበኛ የሚቀጥረው ማነው? ንጉሡ አልተጠራም፣ ከበባውም አልተጠራም። ያው ልጅ ሲያነብ ቀና ብሎ ፍርስራሹን አየ። እኔ ያሸነፍኩት ያኔ ነው።

ሁለተኛው ዕቃ ከበሩ ሩቅ፣ የሹም ቤት ውስጥ ያለ መዝገብ ነው። «በአንድ ስም ለ90 ዓመት ደመወዝ ወጥቷል። ፊርማው አንዴም አልተለወጠም።» ይህን ያነበቡ ሁሉ ሁለት ወገን ሆኑ። አንዱ ወገን «ሰውየው አይሞትም፣ አስማት ነው» አለ። ሌላው ሳቀና «የሞተ ሰው ደመወዝ እየተበላ ነው፣ እናውቀዋለን» አለ። ሁለቱም መልስ ትክክል አይደለም፤ ሁለቱም ግን ከጽሑፉ የመጣ ነው። ሦስተኛው ዕቃ ከአንድ ደሳሳ ጎጆ አልጋ ሥር ይገኛል፤ የልጅ ሰሌዳ ነው። «ከዳር እስከ ዳር አንድ ፊርማ ተለማምዳበታለች።»

ተለማምዳበታለች። እዚህች ቃል ላይ ልቆይ፣ ዛሬ የመጣሁትም ለዚህች ነው። አማርኛ ግሱ ውስጥ ሴት መሆኗን ደብቆ ያስገባልናል። ልጅቷን አላስተዋወቅኋትም፣ ስም አልሰጠኋትም። የአንድ ግስ መድረሻ ግን ዘበኛው አባት እንደሞተ፣ ልጁ ስሙንና ጦሩን እንደወረሰች፣ ከእሷም በኋላ ልጇ እንደቀጠለች ለመጠርጠር ይበቃል። «የዘበኛው ሴት ልጅ የአባቷን ፊርማ አስመስላ» ብዬ ብጽፈው ኖሮ ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር።

ሌላም አለን። አንቱታ! አንድ ሳንቲም ላይ «ንጉሡ በተቀቡ ቀን የተመታ» ብላችሁ ጻፉ። ሌላ ከተማ የተገኘ ሜዳሊያ ላይ ደግሞ «ንጉሡ በተቀባ ቀን የተሰጠ» በሉ። ያው ንጉሥ፣ ያው ቀን ነው። ሁለተኛውን የጻፈው ከተማ ግን ንጉሡን አላከበረውም። ስለ አመፁ አንድ መስመር አልጻፋችሁም፤ ተጫዋቹ ግን ሸተተው። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? መጀመሪያ በእንግሊዝኛ እናስባለን፣ ከዚያ እንተረጉማለን፣ ንጉሡን ሁሉ በአንድ «እሱ» እንጨርሰዋለን። ቋንቋችን በነጻ የሚሰጠንን እየጣልን «አማርኛ ለጌም አይመችም» ስትሉ እሰማለሁ። ሳጥኑን ሞክራችሁት ታውቃላችሁ?

ነገሩ አዲስ እንኳ አይደለም። የድሮ ብራና መጻሕፍት ላይ «የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን» የሚል የግዕዝ ጽሑፍ ይገኛል። መጽሐፍ ይሰረቅ እንደነበር ማንም አልተረከላችሁም፤ እርግማኑ ነገራችሁ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ተጽፏል። የፋቀው ሰው ውግዘቱን አንብቦ ይሆን? ይኸው፣ አሁን እናንተም እያሰባችሁ ነው።

አሁን የምቆጣበት ላይ ደረስኩ። ትረካ አታብዙ ሲባል ወደ ሌላው ገደል የሚገባ አለ። «የጠፋው ጩኸት ቅሪት፣ የማይጠራው ጥላ እንባ።» ይሄ ምንድነው? ጠይቄያለሁ፣ ጸሐፊው ራሱ አያውቅም! «ምስጢር ነው» ይለኛል። ምስጢር ማለት አንድ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ማንም የማያውቀው ባዶ ነው። እኔ የዘበኛዋን ቤተሰብ አራት ትውልድ ደብተር ላይ ጽፌ አስቀምጫለሁ። ከተማዋ በሩ መውደቁን ካመነች መሸነፏን ታምናለች፤ ስለዚህ ደመወዙ ይከፈላል። ይህ ጌሙ ውስጥ የትም አልተጻፈም። ሦስቱም ዕቃዎች ግን ከዚያ ነው የተቀዱት፤ ስለዚህ እርስ በርስ አይካካዱም። ደግሞ ሁሉም «ዳርክ ሶልስም እንዲሁ ነው» እያለ ይመልስልኛል። አይደለም፣ ወንድሜ! በ2011 የወጣው ያ ጌም ዕቃው የት እንደወደቀና ማን ላይ እንደተገኘ ከጽሑፉ ጋር ያናግራል። እኛ የወሰድነው ጨለማውን ብቻ ነው።

የቀረውን ቶሎ ልበለው። ዕቃው ምን እንደሚሠራ በፍጹም አትደብቁ፤ መድኃኒት ከሆነ ያድናል በሉ፣ ፍንጩ ከሱ ሥር ይምጣ። በአንድ ሳጥን ከአንድ እንግዳ ስም አይለፍ፤ ያም ስም ሌላ ቦታ ተመልሶ ካልመጣ ሰርዙት። ዳቦ ዳቦ ይሁን። ሁሉም ዕቃ ካንሾካሾከ ማንም አይሰማም።

ስታስሞክሩ ደግሞ «ወደድከው?» አትበሉ፤ ይሉኝታ አለብን፣ ሁሉም ወደድኩ ይላል። «እዚህ ቦታ ምን የሆነ ይመስልሃል?» በሉት። ትከሻውን ከነቀነቀ ጽሑፉ ስስ ነው። እንደ ትምህርት ከዘረዘረላችሁም አብዝታችኋል። «ቆይ፣ ታዲያ ያ ፊርማ...» ብሎ ከጀመረ ተዉት፣ ይጫወት።

ጌሙ ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቷል። ሰሌዳውን ያገኘ ሰው ለኔ እንዳይነግረኝ፤ መዝገቡን ያገኘውን ይፈልግ። አመሰግናለሁ።